ከማስተርስ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ፦ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ፋብሪካ?

ኮምቦልቻ ላይ የምሕንድስና ማስተርሱን የጨረሰ ሰው ሁለቱም አማራጮቹ የባጃጅ መንገድ ያህል ብቻ ይራራቃሉ። በአንድ በኩል የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። በሌላ በኩል ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሚሠራው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካውና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ርቀቱ ይህን ያህል ቅርብ ይሁን እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ቀላል አይደለም።

ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን ይመርጣል። የመንግሥት ሥራ ነው፣ ክብር አለው፣ ክረምት ላይ ያሳርፋል ይላል። ጓደኛ ደግሞ የፋብሪካውን ደመወዝ ይጠራል። ሁለቱም ምክሮች ከቅን ልብ የሚመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ አይናገሩም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን ብንሄድ ይሻላል። የመረጥኩት የጨርቃጨርቅ ምሕንድስናን ነው፤ ምክንያቱም በወሎ ትምህርቱም ፋብሪካውም አንድ ከተማ ውስጥ የሚገኙበት ሙያ ነው።

አንድ ቴሲስ፣ ሁለት ጥያቄ

እንበልና አንዲት ተማሪ የማስተርስ ጥናቷን የጥጥ ጨርቅ በሚቀለምበት ጊዜ የሚፈጀውን ጨው በመቀነስ ላይ ሠርታለች። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲቀለም ጨው የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥጥም ቀለሙም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተመሳሳይ (ኔጌቲቭ) ቻርጅ ስለሚይዙ ይገፋፋሉ። ጨው ይህን መገፋፋት ያለዝብና ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲጠጋ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሶዳ አሽ ሲጨመር ቀለሙ ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይያያዛል። እሷ ያደረገችው ጥጡን አስቀድማ ፖዘቲቭ ቻርጅ በሚሰጠው ኬሚካል ማከም ነው። በ5 ግራም ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስትሞክረው በሊትር 60 ግራም ይገባ የነበረው ጨው ወደ 20 ግራም ወረደ፤ የቀለሙ ድምቀትም አልቀነሰም። ጥሩ ሥራ ነው፤ በጥሩ ውጤት ተመረቀች።

አሁን ይህንኑ ውጤት ይዛ ፋብሪካ ትግባ። ማሽኑ በአንድ ባች 200 ኪሎ ጨርቅ ይቀልማል። ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 10 ሊትር ውሃ ቢያዝ 2,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በድሮው አሠራር 120 ኪሎ ጨው ይገባል፤ በእሷ ዘዴ 40 ኪሎ ይበቃል። በአንድ ባች 80 ኪሎ ጨው ተረፈ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ድል ይመስላል።

የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ሰዓቱ ነው። ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ጨርቁን ነጭ ከማድረጉ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እጥበት 8 ሰዓት ያህል ይወስዳል ብንል፣ ማሽኑ ሌሊትም ቀንም ቢሠራ በቀን 3 ባች ያወጣል። የእሷ ቅድመ ሕክምና 2 ሰዓት ይጨምራል። እንግዲህ በአምስት ቀን 15 ባች ያወጣ የነበረው ማሽን 12 ባች ብቻ ያወጣል። 600 ኪሎ ጨርቅ ጎደለ ማለት ነው። በዚያ ላይ የተረፈው ጨው ከአፋር የሚመጣ፣ በብር የሚገዛ ርካሽ ጨው ነው፤ የተጨመረው ኬሚካል ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ኃላፊው "እህቴ፣ ጨዉን ቀነስሽልኝ፣ ሰዓቴን ግን ወሰድሽብኝ" ቢላት አይፈረድበትም።

ሌላም አለ። በ5 ግራም ቁራጭ ላይ ቻርጁ እኩል መዳረሱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። 200 ኪሎ ጨርቅ በገመድ መልክ እየተሽከረከረ ሲታከም ግን አንዱ ቦታ ብዙ፣ ሌላው ቦታ ጥቂት ኬሚካል ሊይዝ ይችላል። ያኔ ቀለሙ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ዝንጉርጉር የሆነ ጨርቅ ደግሞ ወይ እንደገና ጥቁር ይቀለማል ወይ በቅናሽ ይሸጣል።

ቴሲሱ ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ትክክል ነበር። የመለሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲው ጥያቄ "ምን ይሆናል፣ ለምን ይሆናል?" የሚል ነው። የፋብሪካው ጥያቄ "ነገም ከነገ ወዲያም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በዚህ ዋጋና በዚህ ሰዓት ይወጣል ወይ?" የሚል ነው። ከማስተርስ በኋላ የሚደረገው ምርጫ በመሠረቱ ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የትኛውን ይዘህ ዓመታትህን ትፈጃለህ የሚል ነው። ደመወዝ፣ ክብርና ዕረፍት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

የፋብሪካው ጥያቄ አእምሮ የማይፈልግ የሚመስለው ካለ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ላቦራቶሪ ውስጥ ልክ የመጣ ቀለም ማሽን ላይ ሲሄድ ገርጥቶ ይወጣል። ሬሲፒው ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው። ልምድ የሌለው ሰው ቀለም ይጨምራል፤ ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል፣ በሚቀጥለው ባች ደግሞ ከልክ በላይ ይጠቁራል። ያወቀ ሰው ግን ወደ ኋላ ሄዶ ጨርቁ ነጭ ሲደረግ የነበረው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በደንብ ታጥቦ መውጣቱን ይመረምራል፤ ምክንያቱም የቀረ ፐርኦክሳይድ ሪአክቲቭ ቀለምን ይበላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያቺ ቁራጭ ጨርቅ በደንብ ታጥባ ስለነበር ችግሩ አልታየም። መመርመሪያው ውሃ ውስጥ የሚነከር ወረቀት ነው፤ መልሱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ይህን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ምርምር ነው። ልዩነቱ ጆርናል ላይ አለመውጣቱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር የሚሠራው መቼ ነው?

በማስተርስ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው በሌክቸረርነት ይጀምራል። ስሙ የአካዳሚክ ሥራ ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው የማስተማር ዓመታት ናቸው። በሳምንት 12 የክሬዲት ሰዓት አካባቢ የሚደርስ ጭነት፣ የላቦራቶሪ ክፍል፣ የተመራቂ ተማሪዎች ፕሮጀክት ማማከር፣ የኢንተርንሺፕ ክትትል፣ አሁን ደግሞ ተማሪውን ለመውጫ ፈተና ማዘጋጀት አለ። ምርምር ከዚህ በሚተርፈው ሰዓት የሚሠራ ነው። ማስተማር የሚወድ ሰው በዚህ አይጎዳም። "ምርምር ልሠራ ነው" ብሎ ብቻ የገባ ግን በሁለተኛው ዓመት ይከፋዋል።

ገንዘቡም የራሱ ካላንደር አለው። ዩኒቨርሲቲው የፕሮፖዛል ጥሪ ያወጣል፣ ፕሮፖዛሉ ይገመገማል፣ ይጸድቃል፣ ከዚያ የኬሚካልና የዕቃ ግዢ በመንግሥት የግዢ ሥርዓት ይሄዳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ኅዳር ላይ የጸደቀ ፕሮፖዛል ጥር ላይ ወደ ግዢ ሄዶ ዕቃው እስከ ሰኔ ካልገባ፣ ብሩ ተመላሽ ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ እንደገና መነሻው ላይ ትቆማለህ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪዎች፣ ኮምፒውተሮችና ቤተ መጻሕፍት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ስለዚህ ቅጥር ከመጠየቅ በፊት የምትፈልገው መሣሪያ ዛሬ ቆሞ የሚሠራ መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የቀለም ሰው ከሆንክ ቀለም የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር አለ ወይ፣ መለኪያው ካሊብሬት የተደረገው መቼ ነው ብለህ ጠይቅ። መልሱ "ናሙናውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ እንልካለን" ከሆነ፣ የምርምርህ ፍጥነት በአውቶቡስና በሰው ደግነት የሚወሰን ነው።

ከሌክቸረርነት ወደ ላይ የሚያወጣው ዋና መንገድ ፒኤችዲ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ መምህራን ለፒኤችዲ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። በትምህርት ፈቃድ የሚሄድ ሰው ደመወዙ ይቀጥልለታል፤ በምትኩ ተመልሶ የማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስ ያቀርባል። ውሉን ሳይጨርስ ቢወጣ የወጣበትን ገንዘብ ይጠየቃል፤ እሱ ቢጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። ይህ ፍትሐዊ ውል ነው። ነገር ግን የሚፈርም ሰው ከፒኤችዲው አራት ዓመት ጋር የአገልግሎቱን ዓመታት ደምሮ ዕድሜውን አስልቶ መፈረም አለበት። ዋስ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ አጎት ወይም ወንድም ነውና።

ስለ ኅትመት አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣት መምህራን ሲጎዱ የማየው እዚህ ላይ ነው። በኢሜይል "ጽሑፍዎን በአንድ ሳምንት እናወጣለን" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ለዕድገት አይቆጠርም፤ በኋላም ስምን ያጎድፋል። እውነተኛው ግምገማ ወራት ይፈጃል። በሌላ በኩል በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚጽፉ ሰዎች የኅትመት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። ይህን ሳያውቅ ከሺህ ዶላር በላይ መጠየቁን አይቶ ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ የከተተ ብዙ ሰው አለ። መጠየቅ ያለበት ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ ነው፤ ከተቀበሉት በኋላ ብዙዎቹ አይሰሙም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሊሠራው የሚችል ሥራ ኮምቦልቻ ውስጥ መኖሩን መናገር አለብኝ። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ስላለው የከባድ ብረቶች መጠን የተሠሩ ጥናቶች አሉ። የቀለም ጨው ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፍሳሽ በባክቴሪያ የሚያጣራ የተለመደው ዘዴ ሌላውን ቆሻሻ ሲቀንስ የሟሟውን ጨው ግን አያወጣውም፤ ጨዉ እንዳለ ወንዝ ይገባል። ከታች ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ ያጠጣል። ያቺ ተማሪ ለፋብሪካው ያላዋጣው ዘዴዋ ለቦርከና ገበሬ ያዋጣ እንደሆነ ማስላት የሚችለው ደመወዙ ከፋብሪካው ያልሆነ ሰው ነው። የፋብሪካ ተቀጣሪ የፍሳሹን ቁጥር ቢያውቀውም ያለ ፈቃድ የማተም መብት የለውም። እኔ ለአካዳሚክ ሕይወት ያለኝ ትልቁ ክብር ከዚህ ነፃነት የሚመነጭ ነው።

ደመወዙን በትክክል ማስላት

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው ያልተጣራውን ደመወዝ ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ቅጥር 16,000፣ ሌላው 24,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 8,000 ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ምጣኔ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ጡረታው ደግሞ በመንግሥትም በግልም 7 በመቶ ነው። ከ16,000 ላይ 3,550 ግብርና 1,120 ጡረታ ሲነሳ 11,330 ብር እጅ ይገባል። ከ24,000 ላይ 6,350 ግብርና 1,680 ጡረታ ሲነሳ 15,970 ይቀራል። ስምንት ሺው ወደ 4,640 ወረደ። በዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲውን የቤት አበልና በትርፍ ጊዜ የሚገኝ የማስተማር ክፍያ፣ በፋብሪካው በኩል ደግሞ ሰርቪስና ምሳን ደምሮ መቀነስ ነው። ልዩነቱ አሁንም ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከታየው ያነሰ ነው።

የፋብሪካው ውል ላይ ከደመወዙ ቀጥሎ መታየት ያለበት የሥራ መደቡ ስም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜን፣ በሳምንት 48 ሰዓትን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ሌሎች ጥበቃዎችን ያስቀምጣል። "የሥራ መሪ" ተብሎ የተቀጠረ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ማስተርስ ያለው ሰው "ማናጀር" የሚል መደብ ሲሰጠው ደስ ብሎት ይፈርማል፤ በኋላ እሁድም ሌሊትም ሲጠራ የትርፍ ሰዓት የሚጠይቅበት መሠረት አይኖረውም። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሰው የመቅጠርና የማሰናበት ወይም ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በእርግጥ ተሰጥቶት እንደሆነ ሳይፈርም መጠየቅ አለበት።

የፋብሪካ ሥራ በወሎ ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችልም ታይቷል። በዚያው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ፋብሪካዎቹን አቆመ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ ለነበሩ ድርጅቶች ይህ የሥራው መሠረት መነቃነቅ ነበር። ስለዚህ ቅጥር ሲመጣ "ገዢያችሁ ማነው፣ የት አገር ነው?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ለአገር ውስጥ ገበያ አንሶላና ፎጣ የሚሠራ ፋብሪካና ለአንድ የውጭ ገዢ ብቻ ቲሸርት የሚሰፋ ድርጅት አንድ ዓይነት አደጋ አይሸከሙም።

መመለሻው

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይባላል፤ የኔም ምክር የሚያጋድለው ወደዚያ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፋብሪካ መሻገር ሁልጊዜ ይቻላል፤ ችግሩ አምስት ዓመት ማሽን ሳይነካ የቆየ ሰው ከአዲስ ተመራቂ ጋር አንድ ደረጃ ላይ መጀመሩ ነው። ከፋብሪካ ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ ግን በሩ ራሱ ጠባብ ነው። ቅጥር በየዓመቱ አይወጣም፤ ሲወጣም ሰው የሚለካው መጀመሪያ በሁለቱ ዲግሪዎች ውጤት፣ በጽሑፍ ፈተናና በማስተማር ማሳያ ነው። የቀለም ክፍል ልምድህ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

እንዲያም ሆኖ፣ ገንዘቡም አማካሪውም የተረጋገጠ የፒኤችዲ ዕድል በእጁ ለሌለው የጨርቃጨርቅ ሰው፣ መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ፋብሪካ እንዲገባ እመክራለሁ። ከላይ ያየናት ልጅ በቀለም ክፍል አንድ ዓመት ብትቆይ ኖሮ ቴሲሷን የምትጀምረው "ሰዓት ሳልጨምር ጨው መቀነስ እችላለሁ ወይ?" ብላ ነበር። ይህ የተሻለ የምርምር ጥያቄ ነው፤ ለፒኤችዲ ፕሮፖዛልም ይበቃል። በእርሻ ዘርፍ ላሉ ይህ ምክር አይሠራም፤ ለእነሱ ሰሜን ወሎ ላይ እንደ ሲሪንቃ ያለ የግብርና ምርምር ማዕከል ስላለ፣ ምርምሩም ማሳውም አንድ ቦታ ይገኛል።

ፋብሪካ የሚገባ ሰው መመለሻውን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መጠበቅ አለበት። ማስተርሱን በሠራ በአንድ ዓመት ውስጥ ቴሲሱን ወደ አንድ ጽሑፍ ለውጦ ይላክ፤ ከዚያ በኋላ መረጃው ይበተናል፣ አማካሪውም ይረሳል። በተረፈ ከቀድሞ አማካሪው ጋር አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት አብሮ ቢያማክር፣ ዩኒቨርሲቲው ለኢንተርንሺፕ ለሚልካቸው ተማሪዎች በፋብሪካው በኩል ተቀባይ ቢሆን፣ ስሙ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ይቆያል። ከፋብሪካው ቁጥር ለማተም ካሰበ ደግሞ ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የደንበኛ ስምና የዋጋ ዝርዝር ሳይገባ የሂደቱን ውጤት ማውጣት እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ብዙ ሥራ አስኪያጆች አስቀድሞ ከተጠየቁ አይከለክሉም፤ ታትሞ ካዩት ግን ይቆጣሉ።

ሲለቅም የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ፣ የጀመረበትና የለቀቀበት ቀን፣ የደመወዙ መጠን፣ የሥራ ግብር መከፈሉ ተጽፎ ይውሰድ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ሲያወጡ ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድን የሚቀበሉት ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ይህን ወረቀት ፍለጋ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው አይቻለሁ፤ በሥራ ላይ እያለ ቢጠይቅ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም ነበር።